ሥራ ለሚለቁ ሠራተኞች የመውጫ ቃለ መጠይቅ፦ ጥያቄዎችና የትንተና መመሪያ

ከሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል፣ ለቃለ መጠይቅ አድራጊዎች

ከመስከረም ወዲህ ከሆቴላችን የለቀቁ 23 ሠራተኞች ያስገቡትን ደብዳቤ እንደገና አነበብሁ። 16ቱ «በግል ጉዳይ»፣ 5ቱ «የተሻለ ሥራ በማግኘቴ»፣ 2ቱ «ለትምህርት» ይላሉ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የሚስተካከል አንድም ነገር የለም። ሰው አብሮት የሠራውን አለቃ በጽሑፍ መክሰስ ይከብደዋል፤ ይሉኝታው አለ፣ «የሥራ ልምዴን ቢከለክሉኝስ» የሚል ስጋትም አለ።

ስለዚህ የሥራ ልምድ ማስረጃው በሠራተኛው እጅ ሳይገባ ቃለ መጠይቁ አይጀመርም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ማስረጃው የሠራተኛው መብት ነው፤ መደራደሪያ ልናደርገው አይገባም። የቅርብ አለቃ ጠያቂ አይሆንም፣ በአጠገብም አይቀመጥም።

መክፈቻ (እንዳለ ይነበብ)

«ጊዜዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን። ክሊራንስዎ ተጠናቋል፤ ማስረጃዎም በእጅዎ ነው። የሚነግሩን ነገር በእሱ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። ስምዎን ጠቅሰን ለአለቃዎ አንናገርም። በሰው ላይ የደረሰ ጥቃት ከነገሩን ግን ዝም ልንል ስለማንችል፣ ቀጥሎ ምን እንደምናደርግ አብረን እንነጋገራለን። መመለስ ያልፈለጉትን ጥያቄ ይለፉት።»

ጥያቄዎች

1. መልቀቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰቡት መቼ ነው? በዚያ ሳምንት ምን ሆኖ ነበር?
2. አዲሱን ሥራ ፈልገው ነው ያገኙት ወይስ ሰው ጠርቶዎት?
3. በቅርቡ የከበደዎትን አንድ የሥራ ቀን፣ ከመግቢያ ሰዓት እስከ ቤትዎ በር ድረስ ይንገሩኝ።
4. ያስቸገረዎትን ነገር ለማን ተናገሩ? ምን ተባሉ?
5. ስሕተት ሲፈጠር በክፍላችሁ ምን ይደረግ ነበር?
6. እህትዎ ወይም ወንድምዎ እዚህ ልቀጠር ቢሉ ምን ይመክሯቸዋል?
7. ደመወዙ እንዳለ ሆኖ፣ ምን ቢስተካከል ይቆዩ ነበር?

«ለምን ለቀቁ?» የሚለው በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሆን ብዬ ነው። ለእሱ ሁሉም የተዘጋጀ መልስ አለው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ወደ አንድ ቀን ይመልሰዋል፣ ቀኑ ደግሞ ምክንያቱን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው፣ የተሻለ ደመወዝ የሳበውን ሰው ሥራው ከገፋው ሰው ይለይልናል። ሦስተኛውን አትቸኩሉበት። ባለፈው ወር ደብዳቤዋ ላይ «በግል ጉዳይ» የጻፈች የመኝታ ክፍል ሠራተኛ፣ በፈቃዷ ለእናንተ የማካፍለውን እንዲህ ነገረችኝ፦ «ፈረቃዬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ያልቃል። ሰርቪሱ 4 ሰዓት ላይ ይሄዳል። ከአደባባዩ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው፤ አንድ ቀን ሁለት ወንዶች ተከተሉኝ።» ከዚያ ዝም አለች። አራተኛውን ጥያቄ ጠየቅኋት። «ለተቆጣጣሪዬ ነግሬ ነበር፤ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሄደው አሉኝ» አለች።

ማስታወሻችሁን በሠራተኛው ቃል ጻፉ። «የትራንስፖርት ችግር» ብላችሁ ብታሳጥሩት ኖሮ ተከትለዋት የመጡት ወንዶችም፣ የተቆጣጣሪዋ መልስም ይጠፉ ነበር።

የብዙዎችን መልስ አንድ ላይ ማየት

ከእሷ በኋላ የቆዩትን ማስታወሻዎች አወጣሁ። ከዚያው የማታ ፈረቃ የወጡ ሦስት ሴቶች አሉ። አንዷ «እናቴ ትጨነቃለች»፣ ሌላዋ «ቤቴ ሩቅ ነው»፣ ሦስተኛዋ «ባለቤቴ አልወደደውም» ብለው ነበር። ለየብቻ ሲነበቡ የቤት ጉዳይ ይመስላሉ። ሦስቱንም መልሼ ደውዬ ስጠይቃቸው የነገሩኝ ያንኑ ሰርቪስ ነው። አምስት ወር ሙሉ በእጃችን ነበር፣ አላየነውም።

ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ በኤክሴል አንድ መስመር ይይዛል፦ ክፍል፣ ፈረቃ፣ የቅርብ አለቃ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያት፣ መልቀቅ የታሰበበት ወር፣ የገፋው ነገር፣ የሳበው ነገር፣ ለማን እንደተነገረ። ሠንጠረዡን የምናየው እኛ ብቻ ነን። የገፋውን ነገር ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ይመድቡ፤ ካልተስማሙ ማስታወሻው እንደገና ይነበብ።

ቁጥር ስትቆጥሩ የክፍሉን መጠን አትርሱ። ከ12 የወጥ ቤት ሠራተኞች 4 መልቀቃቸውና ከ60 የመስተንግዶ ሠራተኞች 4 መልቀቃቸው አንድ አይደለም። ያልለቀቁትንም ጠይቁ፦ በተመሳሳይ ፈረቃ የሚሠሩት ስለ ሰርቪሱ ምንም የማይሉ ከሆነ ግምታችን ተሳስቶ ይሆናል። ከለቀቁ ከሦስት ወር በኋላ ስልክ ደውላችሁ የመጀመሪያውን ጥያቄ ድገሙት፤ አዲስ ሥራው ላይ የተረጋጋ ሰው ያኔ ያልደፈረውን ይናገራል።

ለአስተዳደር በሚቀርበው ሪፖርት ከአምስት ሰዎች በታች ያለው ቡድን ለብቻው አይጠቀስም፤ በትንሽ ክፍል ማን ምን እንዳለ ወዲያው ይታወቃል።

የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሰኔ 30 ይደርሳል። የሰርቪሱ ጉዳይ ግን እስከዚያ አይቆይም፤ አራቱም ሴቶች ስለ ፈቀዱልኝ፣ የመነሻ ሰዓቱ ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት እንዲዛወርና ሴቶች ሠራተኞች እስከ ሰፈራቸው እንዲደርሱ ዛሬ ጠዋት ለዋና ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ።