በስምምነት የተደረገ የጋብቻ ፍቺና የፍቺ ውጤት ስምምነት

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

1ኛ ተዋዋይ፦ አቶ ዳዊት ከበደ ወልዴ፣ ዜግነት ኢትዮጵያዊ፣ አድራሻ አዲስ አበባ ከተማ ጉለሌ ክፍለ ከተማ
2ኛ ተዋዋይ፦ ወይዘሮ ሰናይት አለማየሁ ገብሬ፣ ዜግነት ኢትዮጵያዊት፣ አድራሻ አዲስ አበባ ከተማ የካ ክፍለ ከተማ

አንቀጽ 1፦ ስለ ፍቺው

እኛ ስማችን ከላይ የተጠቀሰው ተዋዋዮች በጥር ወር 2003 ዓ.ም. ተጋብተን ሁለት ልጆች አፍርተናል። ከግንቦት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተለያይተን እየኖርን ነው። የሁለታችንም ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ደጋግመው አነጋግረውናል፤ ድካማቸውን እናከብራለን፤ ውሳኔያችን ግን አልተለወጠም። ስለዚህ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 76 እና 77 መሠረት ጋብቻችን በስምምነት እንዲፈርስ ወስነናል። ሕጉ ምክንያታችንን እንድንዘረዝር ስለማያስገድደን ምክንያቱን እዚህ አንጽፍም፤ ወደፊትም በልጆቻችን ፊት አናነሳውም።

ፍርድ ቤቱ የማሰላሰያ ጊዜ ከሰጠን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ቢሆን በአንቀጽ 2 የተጻፈው የልጆች አያያዝ ከዛሬ ጀምሮ ይሠራል።

አንቀጽ 2፦ ስለ ልጆች

2.1 ልጆቻችን በመጋቢት 2005 ዓ.ም. የተወለደችው ሊዲያ ዳዊት እና በሰኔ 2011 ዓ.ም. የተወለደው ናሆም ዳዊት ናቸው። ሁለቱም ከእናታቸው ጋር አሁን በሚኖሩበት ቤት ይኖራሉ፣ በሚማሩበት ትምህርት ቤትም ይቀጥላሉ። ሁለቱን ልጆች ለያይቶ አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ ማሳደግ የሚለው ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ ሁለታችንም አልተቀበልነውም።

2.2 አቶ ዳዊት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከ3፡00 ሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ ከቀኑ 11፡00 ሰዓት ልጆቹን ይወስዳሉ። ከቤት የሚወስዱትም የሚመልሱትም እርሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ካልቻሉ እናታቸውን ወይም እህታቸውን ይልካሉ እንጂ ልጆቹ በታክሲ ብቻቸውን አይላኩም። መምጣት የማይችሉ ከሆነ እስከ ዓርብ ማታ ይናገራሉ። ልጅ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ሲጠብቅ መዋል የለበትም።

2.3 የክረምት ዕረፍት እኩል ይከፈላል። እንቁጣጣሽንና ገናን ከአባታቸው ጋር ባሳለፉበት ዓመት ፋሲካን ከእናታቸው ጋር ያሳልፋሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይገለበጣል። በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ የእናታቸው ነው። የልደት ቀናቸውን ሁለታችንም የመገኘት መብት አለን።

2.4 ናሆም አስም ስላለበት በአፍ የሚነፋው መድኃኒትና የሐኪሙ ማዘዣ ግልባጭ ልጁ በሄደበት ሁሉ በቦርሳው ውስጥ ይሆናል። ከተረካቢው ወላጅ ጋር ሲገናኙ መድኃኒቱ መኖሩ በዓይን ይታያል። አቶ ዳዊት ልጆቹ ባሉበት ክፍል ሲጋራ ላለማጨስና ለማንም ላለማስጨስ ተስማምተዋል።

2.5 ትምህርት ቤት መቀየር፣ ቀዶ ሕክምና፣ ከአዲስ አበባ ውጭ መዛወርና ወደ ውጭ አገር መጓዝ የሁለታችንንም የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ድንገተኛ ሕክምና ግን ፈቃድ አይጠበቅበትም፤ ልጁ አብሮት ያለው ወላጅ ወዲያው ያሳክማል፣ ለሌላውም ወዲያው ይደውላል።

2.6 አቶ ዳዊት ለሁለቱ ልጆች ቀለብ በወር 12,000 (አሥራ ሁለት ሺህ) ብር፣ ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን ድረስ በወይዘሮ ሰናይት የባንክ ሒሳብ ገቢ ያደርጋሉ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደንብ ልብስና የሕክምና ወጪ ከዚህ ውጭ ሲሆን ደረሰኝ እየቀረበ እኩል ይሸፈናል። የኑሮ ውድነቱ ባለበት ስለማይቆም የቀለቡን መጠን በየዓመቱ መስከረም ላይ ተቀምጠን እናየዋለን፤ ካልተስማማን ፍርድ ቤት ይወስናል።

አንቀጽ 3፦ ስለ መኖሪያ ቤቱ፣ ስለ መኪናውና ስለ ገንዘቡ

3.1 በጋብቻችን ጊዜ ያፈራነው፣ በአቶ ዳዊት ስም የተመዘገበው፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ባለ ሁለት መኝታ የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) ለወይዘሮ ሰናይት ሆኗል። ዋጋውን በ3,200,000 ብር ተስማምተናል። የቀረውን የባንክ ዕዳ 200,000 ብር ወይዘሮ ሰናይት ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ተጣርቶ የሚታሰበው 3,000,000 ብር ነው።

3.2 በ1,100,000 ብር የተገመተው ቶዮታ ቪትዝ መኪናና በጋራ የቁጠባ ሒሳባችን ያለው 420,000 ብር ለአቶ ዳዊት ሆነዋል።

3.3 የተጣራው የጋራ ሀብት ድምር 4,520,000 ብር፣ የእያንዳንዳችን ድርሻ ደግሞ 2,260,000 ብር ነው። አቶ ዳዊት በዓይነትና በገንዘብ የደረሳቸው 1,520,000 ብር በመሆኑ ወይዘሮ ሰናይት ልዩነቱን 740,000 (ሰባት መቶ አርባ ሺህ) ብር ይከፍሏቸዋል። 300,000 ብሩ ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን ባጸደቀ በ30 ቀን ውስጥ፣ ቀሪው 440,000 ብር በየወሩ 10,000 ብር በ44 ወራት ይከፈላል። ወለድ አይታሰብበትም።

3.4 ይህ ክፍያና የልጆች ቀለብ አይቻቻሉም። አቶ ዳዊት «ያልከፈለችኝ አለ» ብለው ቀለብ አይቀንሱም፤ ወይዘሮ ሰናይትም «ቀለብ ዘግይቷል» ብለው ወርኃዊውን ክፍያ አያስቀሩም። ቀለቡ የልጆቹ ነው፤ የእኛን ዕዳ መክፈያ አናደርገውም።

3.5 አቶ ዳዊት ውሳኔው በደረሳቸው በ15 ቀን ውስጥ ቀርበው የቤቱን ስም ያዛውራሉ፤ የዝውውሩ ወጪ እኩል ይሸፈናል። ባንኩ ስሙ ከመዛወሩ በፊት ዕዳው ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ከጠየቀ ወይዘሮ ሰናይት ዕዳውን ቀድመው ይዘጋሉ፣ የ300,000 ብሩ መክፈያ ጊዜም በ6 ወር ይራዘማል። ክፍያው ሳያልቅ ቤቱ ከተሸጠ ቀሪው ገንዘብ ከሽያጩ ላይ በአንድ ጊዜ ይከፈላል።

3.6 አቶ ዳዊት ለመኪናው ጥገና ከወንድማቸው የተበደሩትን 60,000 ብር ብቻቸውን ይከፍላሉ።

አንቀጽ 4፦ ስለ ቤት ዕቃዎች

የቤት ዕቃውን ዋጋ ሳንተምን ተከፋፍለናል። ማቀዝቀዣው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ምድጃው፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ፣ የልጆቹ አልጋዎችና የጥናት ጠረጴዛ ባሉበት ይቀራሉ። አቶ ዳዊት ትልቁን ቴሌቪዥን፣ ሶፋውን፣ አንዱን ባለ ሁለት ሰው አልጋ ከነፍራሹ፣ ላፕቶፕ ኮምፒውተሩንና ግማሹን የወጥ ቤት ዕቃ እስከ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ይወስዳሉ።

ወይዘሮ ሰናይት ከጋብቻ በፊት የነበራቸው የልብስ ስፌት መኪናና ከእናታቸው የተሰጣቸው የወርቅ ሐብል፣ አቶ ዳዊት ከአባታቸው የወረሱት ራዲዮና የአናጢነት መሣሪያዎች የግል ንብረት ስለሆኑ በክፍፍሉ አልገቡም። የጀበናውና የረከቦቱ ነገር ብዙ ካነጋገረን በኋላ የአቶ ዳዊት እናት ስጦታ መሆኑ ታይቶ ለሊዲያ ተሰጥቷል፤ እስክታድግ በቤቱ ይቆያል። የሰርጉ አልበምም ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ አቶ ዳዊት የሚፈልጉትን ፎቶግራፍ ያስባዛሉ።

የሰፈሩ እድር አባልነት በወይዘሮ ሰናይት ስም ይቀጥላል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ስምምነቱ መጽናት

ከላይ ከተዘረዘረው ውጭ አንዳችን ከሌላችን የምንጠይቀው የጋራ ንብረት የለም። ተደብቆ የተገኘ ንብረት ካለ ግን ይህ ቃል አይሸፍነውም፤ እኩል ይካፈላል። ስለ ልጆች በምንለያይበት ጉዳይ ፍርድ ቤት ከመሄዳችን በፊት ከታች ከፈረሙት ምስክሮች በአንዱ ፊት ተገናኝተን እንነጋገራለን።

ይህን ስምምነት ማንም ሳያስገድደን፣ አንብበንና ተረድተን ፈርመናል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ፍቺያችንንና ውጤቱን እንዲያጸድቅልን በጋራ እናመለክታለን። ስምምነቱ በ3 ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ሲሆን አንዳንዱ በእጃችን ይቀመጣል።

አቶ ዳዊት ከበደ ወልዴ — ፈርመዋል
ወይዘሮ ሰናይት አለማየሁ ገብሬ — ፈርመዋል

እኛም ምስክሮች ተዋዋዮቹ ስምምነቱን በሙሉ ፈቃዳቸው ሲፈርሙ አይተን ፈርመናል።

1. አቶ ተስፋዬ ወልዴ — ፈርመዋል
2. ወይዘሮ አስናቀች ገብሬ — ፈርመዋል
3. አቶ መኮንን ይመር — ፈርመዋል