የ«ሊስትሮውና አንበሳው» የሥራ መርሐ ግብርና የሾት ዝርዝር

በእጅ ሥዕል የሚሠራው የአኒሜሽን ፊልም 180 ሰከንድ ሲሆን፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ተሰልቶ እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚቆይ፣ ከ2160 የማይበልጥ ሥዕል ይጠይቃል።

ጥቅምት፦ አኒማቲኩ፣ ማለትም በረቂቅ ሥዕሎች የሾቶቹን ርዝመት የሚያሳየው የፊልሙ ንድፍ፣ እስከ 15 ይጠናቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የሾት ርዝመት አይቀየርም።
ኅዳር፦ እንቅስቃሴው ይሣላል፤ ከባዱ ሾት 3 ስለሆነ፣ ጉልበት ሳይደክም በእርሱ ይጀመራል።
ታኅሣሥ፦ ቀለሙ እስከ 12፣ ድምፁ እስከ 20 ያልቃል፤ የመጨረሻው ቅጂ ከገና በፊት፣ በ25 ይወጣል።

ሾት 1 (20 ሰከንድ)፦ ከፒያሳ ቁልቁል የቸርችል ጎዳና በሩቁ ይታያል፤ የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ብቻ ነው።
ሾት 2 (50 ሰከንድ)፦ ሊስትሮው ለገሃር፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት ሥር ይቀመጣል።
ሾት 3 (70 ሰከንድ)፦ አንበሳው ከመቆሚያው ወርዶ መዳፉን ሳጥኑ ላይ ያሳርፋል፤ ጎፈሩ በተናጠል ስለሚሣል፣ ጊዜ ካጠረ የሚቀነሰው የጎፈሩ እንቅስቃሴ እንጂ የመዳፉ አይደለም።
ሾት 4 (40 ሰከንድ)፦ ዝናብ ይጥላል፤ 8 ሥዕሎች እየተደጋገሙ ይበቃሉ።