አካውንቴ እንዲዘጋና ከውርርድ እንድታገድ የቀረበ ጥያቄ

ቀን፦ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ አካውንት ስለመዝጋትና በራሴ ጥያቄ ለአምስት ዓመት ስለመታገድ

በደንበኛ መለያ ቁጥር 60718342 የተመዘገብኩ ደንበኛችሁ ነኝ። ለውርርድ የማወጣውን ገንዘብ መቆጣጠር አቅቶኛል። የቤት ኪራይ ሳይቀር ወደ አካውንቱ ገብቷል፤ የተበላሁትን ለማስመለስ መደቡን አሳድጋለሁ፣ ኳስ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ቨርችዋል ላይ እቀመጣለሁ። የዕለት ገደብ ባስቀምጥም መልሼ ከፍ የማደርገው እኔው ስለሆንኩ አልያዘኝም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ገደብ ወይም የጥቂት ቀን እረፍት አይደለም፤ እኔ ራሴ ልከፍተው የማልችለው እገዳ ነው።

አካውንት መዝጋት ብቻውን አይበቃም። የተዘጋ አካውንት በአንድ መልእክት ይከፈታል፣ ካልሆነም በሌላ ስልክ ቁጥር አዲስ ይመዘገባል። እገዳው በመለያ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ይሁን፦ በሙሉ ስሜ፣ በትውልድ ቀኔ፣ በመታወቂያ ቁጥሬና በባንክ ሂሳቤ ይመዝገብና አዲስ ምዝገባ በመጣ ቁጥር ከዚያ ጋር ይመሳከር። በ47 የሚያበቃው ስልኬ ዋናው አካውንት ያለበት ነው፤ በ12 በሚያበቃው ደግሞ ሁለተኛ አካውንት አለኝ፣ እሱም አብሮ ይዘጋ። በሌላ ስም የምታንቀሳቅሷቸው ድረ ገጾች፣ ቅርንጫፎችና ወኪሎችም በእገዳው ውስጥ ይግቡ። በጥሬ ገንዘብ ትኬት የሚቆርጥ ሱቅ መለያ ቁጥር ስለማይጠይቅ፣ ፎቶዬን ለቅርንጫፎቻችሁ እንድትልኩ ፈቅጃለሁ።

በአምስቱ ዓመት ውስጥ እኔ ራሴ ደውዬ፣ ጽፌ ወይም በአካል ቀርቤ እንዲነሳልኝ ብለምን እንኳ እንዳታነሱት። ጊዜው ሲያልቅም በራሱ አይከፈት።

ገንዘቡን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ ቀን መጀመሪያ ገንዘብ ማስገባትና መወራረድ ይታገድ፣ ቀጥሎ ቀሪው ሂሳብ በስሜ ወደተመዘገበው ባንክ ይላክ፣ አካውንቱ በመጨረሻ ይዘጋ። ቀድሞ ከተዘጋ ገንዘቡ ውስጥ ይቀራል። ውርርዱ ሳይታገድ ወጪ ብጠይቅ ደግሞ ክፍያው “በሂደት ላይ” ተብሎ ሲቆይ ከሥሩ “ሰርዝ” የሚል ቁልፍ ይታያል፤ ሌሊት ላይ ያንን ቁልፍ እንደምጫን አውቃለሁ። ስለዚህ ክፍያው በእናንተ በኩል ይፈጸም፣ ቁልፉም ይጥፋልኝ።

ገና ያልተጠናቀቀ አንድ የአምስት ጨዋታ ትኬት አለ፣ ሦስቱ ጨዋታዎች ይቀራሉ። ደንባችሁ ከፈቀደ ተሰርዞ መደቡ ይመለስ፤ ካልፈቀደ እስኪያልቅ ይጠበቅና ካሸነፈ ወደ አካውንቱ ሳልገባ ገንዘቡ ወደ ባንክ ይላክ። ካሽ አውት አታቅርቡልኝ። ቦነሱን ትቼዋለሁ፤ ተጫውቶ የማሟላት ግዴታው ግን እኔ ያስገባሁትን ገንዘብ መያዣ እንዳይሆን። ተመዝግቦ የተቀመጠው የባንክ ካርድና የሞባይል ክፍያ ትስስርም ይሰረዝ።

የማስታወቂያ መልእክት ላይ አደራ። የማስታወቂያ ስልክ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ ከአካውንቱ ተለይተው፣ አንዳንዴም በሌላ ድርጅት እጅ ስለሚቀመጡ፣ አካውንት ቢዘጋም መልእክቱ አይቆምም። ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣ አንድ የነፃ ውርርድ ኤስኤምኤስ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። ኤስኤምኤስ፣ ኢሜይል፣ የቴሌግራም መልእክትና የስልክ ጥሪ ሁሉ ይቁም፤ መረጃዬም እገዳውን ለማስከበርና ሕግ ለሚያስገድደው መዝገብ ብቻ ይያዝ። ሐሳቤን ለማስቀየር ማንም እንዳይደውልልኝ።

እስከ ሦስት የሥራ ቀን ድረስ በኢሜይል ማረጋገጫ እፈልጋለሁ፦ እገዳው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የታገዱት አካውንቶች፣ የተላከልኝ ገንዘብ መጠን ይጻፍበት። አካውንቶቹ ከተከፈቱ ጀምሮ ያስገባሁትና ያወጣሁት ገንዘብ ሙሉ ዝርዝርም ይያያዝ፤ ያለብኝን ዕዳ ከቤተሰቤ ጋር ቁጭ ብዬ የማስላው በእሱ ነው። እገዳው ከተመዘገበ በኋላ ስርዓታችሁ ውርርድ ከተቀበለኝ፣ ውርርዱ እንደሌለ ተቆጥሮ መደቡ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በተባለው ጊዜ መልስ ካላገኘሁ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ፈቃድ ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ።

ሙሉ ስሜ የሚታይበት የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽና ያልተጠናቀቀው ትኬት የስክሪን ፎቶ ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር
የአካውንት 60718342 ባለቤት