የፕሮጀክት ቻርተር፦ የተመላላሽ ታካሚዎችን ካርድ ወደ ዲጂታል መዝገብ ማዛወር

ስፖንሰር፦ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፦ የጤና መረጃ ክፍል አስተባባሪ
የሚቆይበት ጊዜ፦ ቻርተሩ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ 9 ወር

ፕሮጀክቱ ለምን አስፈለገ

ካርድ ክፍላችን በቀን እስከ 400 ተመላላሽ ታካሚ ያስተናግዳል። ጠዋት ጠዋት ሰልፉ የሚረዝመው ሐኪም ጠፍቶ አይደለም፤ ካርድ ጠፍቶ ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት ከተፈለጉት 100 ካርዶች 12ቱ በመጀመሪያው ፍለጋ አልተገኙም።

ካርድ ሲጠፋ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሠራተኛዋ መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ ታስሳለች። ሰልፉ እየበዛባት ሲሄድ ጊዜያዊ ካርድ ታወጣለች። ታካሚው ባዶ ወረቀት ይዞ ሐኪም ዘንድ ይገባል። በዋናው ካርድ ሽፋን ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። በጊዜያዊው ካርድ ላይ ግን የለም። ታካሚው ሕፃን ቢሆንና ያመጣው ዘመድ ነገሩን ባያውቅ ሐኪሙ በምን ያውቃል? ከሳምንት በኋላ ዋናው ካርድ ከሌላ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ሁለት ካርድ ይኖረዋል፤ አንዱም ሙሉ ታሪኩን አይዝም።

ዓላማ

ማንኛውም ተመላላሽ ታካሚ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሙሉ የሕክምና ታሪኩ አብሮት እንዲቀርብ ማድረግ።

ወረቀት መቀነስ፣ ክፍል ማስለቀቅ፣ ሪፖርት ማፋጠን ጥሩ ነገሮች ናቸው። የፕሮጀክቱ ዓላማ ግን አይደሉም። ከዓላማው ጋር የተጋጩ ዕለት እነሱ ይቀራሉ።

ግቦች

በ9ኛው ወር መጨረሻ የሚከተሉት መሟላት አለባቸው።

ባለፉት 2 ዓመታት ቢያንስ አንድ ጊዜ የታከሙ ሰዎች ካርድ በሙሉ ዲጂታል መዝገብ ውስጥ ይገባል። ብዛቱ 38,000 ገደማ ነው።

ታካሚው ከተመዘገበ በኋላ ታሪኩ በሐኪሙ ስክሪን ላይ እስኪታይ ከ5 ደቂቃ በላይ አይወስድም። አሁን አማካዩ 40 ደቂቃ ነው።

አንድ ሰው በሁለት ቁጥር ተመዝግቦ የሚገኝበት ሁኔታ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። በየወሩ 500 መዝገቦች በዕጣ ተመርጠው ይፈተሻሉ። ፍተሻውን የሚሠራው መዝገቡን ያስገባው ሰው መሆን የለበትም።

አራተኛው ግብ አለርጂን ይመለከታል፤ በእሱ ላይ ድርድር የለም። በእያንዳንዱ መዝገብ የአለርጂ ቦታ ከሦስት አንዱ ይሞላል፦ የመድኃኒቱ ስም፣ «ተጠይቆ የለም ብሏል» ወይም «አልተጠየቀም»። ባዶ የተተወ ቦታ አይፈቀድም። ባዶ ቦታን አንዱ «አለርጂ የለውም» ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው «አልተጠየቀም» ብሎ። አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወሰን

ፕሮጀክቱ የሚመለከተው ካርድ ክፍሉን፣ የተመላላሽ ትሪያጅን እና የተመላላሽ ምርመራ ክፍሎችን ነው። የካርዶቹን ቅኝትና ምዝገባ፣ ለሠራተኞች የሚሰጠውን ሥልጠና፣ የመረጃ መጠባበቂያውን እና መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚሠራበትን የወረቀት አሠራር ያካትታል።

ተኝቶ ሕክምና፣ የፋርማሲ ክምችት፣ ሂሳብ ክፍል፣ የላቦራቶሪ ማሽኖችን ከመዝገቡ ጋር ማገናኘት እና የበሽታ ኮድ አሰጣጥን ወደ አይሲዲ-11 ማሸጋገር ከወሰኑ ውጭ ናቸው። አስፈላጊ ስላልሆኑ አይደለም። «እግረ መንገዳችሁን ይቺንም ጨምሩልን» የሚል ጥያቄ ከየክፍሉ መምጣቱ አይቀርም። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ሲደማመሩ ግን 9 ወሩን 2 ዓመት ያደርጉታል፤ ካርዱም እስከዚያ ሲጠፋ ይከርማል። ጥያቄዎቹ ተመዝግበው ይቀመጡና ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ለማኔጅመንት ይቀርባሉ።

ከ2 ዓመት በላይ ያልተመለሱ ታካሚዎች ካርድ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ባለቤቱ የመጣ ዕለት ይመዘገባል። ይህ ፕሮጀክት አንድም የወረቀት ካርድ የማስወገድ ሥልጣን የለውም።

የስፖንሰሩ ሥልጣን

ሜዲካል ዳይሬክተሩ ፕሮጀክቱን ያጸድቃል፣ በጀቱን ይለቃል፣ የሰው ኃይል ይመድባል። ከአንድ ክፍል በላይ የሚነካ አለመግባባት ሲነሳ ጉዳዩ በቀረበለት በ3 የሥራ ቀን ውስጥ የመጨረሻውን ውሳኔ ይሰጣል። ወሰኑን መለወጥ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ለውጡም በጽሑፍ መሆን አለበት። በስብሰባ ላይ በቃል የተባለ ነገር ወሰን አይለውጥም፤ ተናጋሪው ማንም ቢሆን።

ዲጂታል መዝገቡ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን የሚወስነው እሱ ነው። የታካሚ ደህንነት ጥያቄ ውስጥ ከገባ በማንኛውም ሰዓት ሥራውን የማስቆም ሥልጣን አለው። በሌለበት ጊዜ ይህ ሥልጣን ለነርሲንግ ዳይሬክተሯ ይተላለፋል። ለሌላ ሰው አይተላለፍም።

የሥራ አስኪያጁ ሥልጣን

ሥራ አስኪያጁ የቡድኑን የቀን ተቀን ሥራ ይመራል። ከጸደቀው በጀት ውስጥ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እስከ 5 በመቶ ማዛወር ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ስፖንሰሩን ያስፈቅዳል። የተመደቡለትን ሠራተኞች ያለ እሱ ፈቃድ ወደ ሌላ ሥራ የሚያዛውር የክፍል ኃላፊ ጉዳዩን ለስፖንሰሩ ማስረዳት አለበት። ይህን አንቀጽ በጽሑፍ ያሰፈርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በወረቀት ተመድቦ በተግባር ሌላ ቦታ ከዋለ የ9 ወሩ ዕቅድ ዋጋ የለውም።

ሀብትና ገደቦች

2 የካርድ ክፍል ሠራተኞችና 1 የአይቲ ባለሙያ ሙሉ ጊዜ፣ 1 ነርስ ግማሽ ቀን ይመደባሉ። ለቅኝቱ 6 ጊዜያዊ የመረጃ መዝጋቢዎች ለ5 ወር ይቀጠራሉ። የወጪው ጣሪያ ለዚህ ሥራ በዘንድሮው ካፒታል በጀት የተያዘው ገንዘብ ነው። ከእሱ 10 በመቶው ለመጠባበቂያ ተቀንሶ ይቀመጣል።

የተመላላሽ አገልግሎት ለአንድ ቀንም አይቋረጥም። መረጃው በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይቀመጣል። ከቅጂዎቹ አንዱ በየወሩ ተከፍቶ በትክክል መሥራቱ ይረጋገጣል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ የይለፍ ቃል ብቻ ይገባል፤ ማን የትኛውን መዝገብ መቼ እንደከፈተም ሲስተሙ ይመዘግባል።

ዋና ዋና ምዕራፎች

እስከ 2ኛው ወር መጨረሻ ዕቃ ተሟልቶ ቡድኑ ይሠለጥናል። በ3ኛው ወር አንድ የምርመራ ክፍል ብቻ በሙከራ ይጀምራል። የሙከራው ውጤት ታይቶ ስፖንሰሩ «ይቀጥል» ካለ ቅኝቱ እስከ 8ኛው ወር ይዘልቃል። 9ኛው ወር ለፍተሻና ለርክክብ ነው።

ከወዲሁ የሚታዩ ስጋቶች

ትልቁ ስጋት ሁለቱ አሠራሮች ጎን ለጎን የሚሄዱባቸው ወራት ናቸው። ሐኪሙ ግማሹን በወረቀት፣ ግማሹን በስክሪን ከጻፈ የዛሬው ችግር በእጥፍ ይመለሳል። ስለዚህ ካርዱ የተመዘገበለት ታካሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ በወረቀት አይጻፍበትም፤ ካርዱም «ተዘግቷል» የሚል ማህተም ይመታበታል። ሲስተም ሲቋረጥ የሚጻፈው የወረቀት ቅጽ በ24 ሰዓት ውስጥ መዝገቡ ላይ ይገባል።

ፕሮጀክቱ የሚዘጋው

አራቱ ግቦች መሟላታቸውን የጥራት ክፍሉ ሲያረጋግጥና ካርድ ክፍሉ ርክክቡን ሲፈርም ነው። የሙከራው ክፍል በ6 ሳምንት ውስጥ የ5 ደቂቃውን ግብ ካልደረሰ ቅኝቱ አይስፋፋም፤ ስፖንሰሩ ይቀጥል ወይም ይቁም ብሎ እንደገና ይወስናል።

ይህ ቻርተር በሜዲካል ዳይሬክተሩ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ይጸናል። አንድ ቅጂ ለእያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ ይሰጣል፣ አንድ ቅጂ በካርድ ክፍሉ መስኮት የውስጥ በኩል ይለጠፋል።