ጉዳዩ፦ የዓሣ ክምችት ግምገማ ኮርስን ያለ ክሬዲት በአድማጭነት ለመከታተል ፈቃድ ስለመጠየቅ

ሐዋሳ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ታምራት፣

ጤና ይስጥልኝ። ብርቱካን አየለ እባላለሁ። በአሞራ ገደል አካባቢ በሚገኝ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የምርት መዝጋቢ ሆኜ እሠራለሁ። በዚህ መንፈቀ ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጡትን የዓሣ ክምችት ግምገማ ኮርስ ያለ ክሬዲት፣ በአድማጭነት እንድከታተል ይፈቅዱልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ውጤትም ሆነ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ አልጠይቅም።

በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ስታቲስቲክስ አንድ ኮርስ ተምሬአለሁ፤ ኤክሴል በየቀኑ የምሠራበት ነው። ካልኩለስ ከእጄ ስለራቀ ካለፈው ክረምት ጀምሮ የቆየ ደብተሬን አውጥቼ እየከለስኩ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በነጻ ከሚያሰራጫቸው የዓሣ ሀብት ሥልጠና ጽሑፎችም ያገኘሁትን አንብቤአለሁ። ብቻዬን እስከምችለው ድረስ ሄጃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን መምህር ያስፈልገኛል።

ለምን እንደሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳዎት።

ጀልባዎቹ ጎሕ ሲቀድ ይመለሳሉ። ከመረብ የተፈታው ዓሣ በቅርጫት ሆኖ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ እኔም የአስጋሪውን ስም፣ የዓሣውን ዓይነትና ኪሎውን እመዘግባለሁ። ቆሮሶ ለብቻ፣ አምባዛ ለብቻ። ከእኔ በፊት የነበሩት መዝጋቢም እንዲሁ ያደርጉ ስለነበር፣ በቢሮአችን ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ደብተር ተከማችቷል። ኪሎውን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም ይላል። ቅርጫቱን የሚያየው ግን ሌላ ይላል። ያው ኪሎ ዛሬ የሚሞላው በቁጥር በበዙ፣ በመጠን ባነሱ ቆሮሶዎች ነው። ፊሌቶ የሚያወጡት ሴቶችም በየቀኑ የሚያነሱት ወሬ ይኸው ነው፤ ቢላዋው የሚያወጣው ሥጋ እያነሰ፣ አጥንትና ቆዳው እየበዛ መጣ ይላሉ።

ይህን ካየሁ በኋላ ከኪሎው በተጨማሪ ርዝመት መለካት ጀመርኩ። ጣውላ ላይ ሜትር ለጥፌ፣ ዓሣውን አጋድሜ፣ አፉን ከጣውላው ጫፍ አስደግፌ እስከ ጅራቱ መጨረሻ አነባለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ከተለያዩ ጀልባዎች እየወሰድኩ ነው የምለካው። ርዝመትንና ክብደትን የሚያያይዘውን W = aL^b የሚለውን ቀመር በራሴ መረጃ ሞክሬው b ወደ 3 የተጠጋ ሆኖ ወጥቷል። ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ የመጡት ጥያቄዎች ግን ከአቅሜ በላይ ሆኑ።

የመጀመሪያው የመረቡ ነገር ነው። መረብ ዓሣን ይመርጣል፤ ከዓይኑ የሚያንሰው ያልፋል፣ በጣም የሚተልቀው ደግሞ ጭንቅላቱ ስለማይገባ ይመለሳል። ታዲያ የእኔ ጣውላ የሚለካው ሐይቁን ነው ወይስ መረቡን? አስጋሪዎቹ ጠበብ ያለ ዓይን ወዳለው መረብ ከዞሩ፣ ሐይቁ ውስጥ ምንም ሳይለወጥ የእኔ መዝገብ ዓሣው አነሰ ሊል ይችላል። ትልልቆቹ ተሟጠው አልቀው ከሆነም መዝገቡ የሚለው ያንኑ ነው። ሁለቱን የምለይበት መንገድ እንዳለ ገብቶኛል፤ አሠራሩን ግን አላውቀውም።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ቀዝቃዛ አገር የዓሣን ዕድሜ በጆሮው ውስጥ ባለችው ድንጋይ ላይ ካሉት ቀለበቶች እንደሚቆጥሩ አንብቤአለሁ። የውሃው ሙቀት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም በማይለዋወጥበት እንደኛ ባለ ሐይቅ ግን ቀለበቱን ማንበብ ስለሚያስቸግር፣ ዕድገትን ብዙ ጊዜ ከርዝመት ስርጭት ይገምታሉ። እኔ የሰበሰብኩት ርዝመት ለዚህ ይበቃል ወይ? ከአንድ ማራገፊያ ብቻ የተወሰደ መሆኑስ ምን ያህል ያዛባዋል?

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የእርባታው ነገር ነው። እንስቷ ቆሮሶ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምትፈለፍል እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። መረብ ላይ ስትንፈራገጥ ዕንቁላሉ ከአፏ ይፈስሳል፤ አንዳንድ ጠዋት የጀልባው ወለል ላይ እንደ ማሽላ ፍሬ ተበትኖ አየዋለሁ። በኪሎ ደብተሬ ላይ ይህ የሚጻፍበት ዓምድ የለም።

ሐይቃችን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝም የለውም። እዚህ የጎደለውን ከሌላ ሐይቅ መጥቶ የሚሞላ ዓሣ የለም። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሲነሳ፣ ሽማግሌዎቹ ‹‹ዓሣው ቀንሷል›› ይላሉ፣ ወጣቶቹ ‹‹ኪሎው ያው ነው›› ብለው ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ወገን ወደ እኔ ይዞራል። ደብተሩ ያለው እኔ እጅ ነውና። ከእውቀት የመነጨ መልስ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ።

ስለ ጊዜዬ፦ ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት መሆኑን ከማስታወቂያው አይቻለሁ። የእኔ ሥራ አብዛኛውን ቀን ከረፋዱ 5፡00 ሰዓት በፊት ያልቃል። የሚከብደው የገና ጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ሥራው እስከ ከሰዓት ይዘልቃል። በእነዚያ ሳምንታት ማክሰኞና ሐሙስ የሥራ ባልደረባዬ ሊተካኝ ተስማምቷል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ያውቃሉ። ስለዚህ በሁሉም ክፍለ ጊዜ እንደምገኝ ቃል እገባለሁ። የሚታዘዘውን ንባብ አንብቤ እመጣለሁ። መልመጃዎቹንም እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች እሠራለሁ፤ እርስዎ እንዲያርሙልኝ ግን አልጠብቅም። በክፍል ውስጥ ቅድሚያው የተመዘገቡት ተማሪዎች መሆኑን አውቃለሁና፣ ጥያቄዬን ይዤ ቆይቼ ከክፍል በኋላ ጊዜ ካለዎት እጠይቃለሁ። የመስክ ጉዞ ላይ ቦታ ከጠበበ የምቀረው እኔ ነኝ።

የማኅበሩን ደብተሮች ለትምህርት መጠቀም እንደሚቻል ሊቀ መንበሩ ፈቅደዋል፤ የአስጋሪዎቹ ስም እንዲወጣ ብቻ አይፈልጉም። ለተማሪዎችዎ መለማመጃ የሚሆን ከመሰልዎት በኮምፒውተር የገለበጥኩትን ክፍል ስሞቹን ሰርዤ አመጣለሁ። ይህን የማቀርበው ለፈቃዱ መለወጫ አድርጌ እንዳይደለ ይረዱልኝ፤ ጥያቄዬን ባይቀበሉትም ደብተሩ ክፍት ነው።

ከፈቀዱልኝ ወደ ሬጅስትራር ሄጄ የሚጠየቀውን ሁሉ አሟላለሁ፤ ክፍያ ካለውም እከፍላለሁ። የተማሪ መታወቂያ ስለማይኖረኝ፣ በግቢው በር ለመግባት ከእርስዎ ወይም ከትምህርት ክፍሉ አጭር ደብዳቤ ያስፈልገኝ ይሆናል። ኮርሱ ዘንድሮ ከሞላ፣ ወይም ቅድሚያ መውሰድ የሚገባኝ ሌላ ትምህርት አለ ብለው ካሰቡ፣ የትኛው እንደሆነ ቢጠቁሙኝ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ከመወሰንዎ በፊት ሊያነጋግሩኝ ከፈለጉ፣ በሚመችዎ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዎ እመጣለሁ፤ የርዝመት መዝገቡንም ይዤ እቀርባለሁ። መልስዎን በዚሁ ኢሜይል እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ብርቱካን አየለ
የምርት መዝጋቢ
ሐዋሳ