ስለ ባናው ትዕዛዝዎ

ጤና ይስጥልኝ።

መልእክትዎ ትናንት ማታ ደርሶኛል። «ሰላም፣ ከናንተ ሱቅ ማዘዝ ፈልጌ ነበር፤ የመንዝ ባና» ይላል፤ እዚያ ላይ አበቃ። ቀሪው በኔትወርክ ይቅር ወይም ሌላ ጉዳይ ያቋርጥዎት አላወቅኩም። ልደውልልዎ አስቤ ነበር፤ ግን በጽሑፍ ቢሆን ለቤት ሰውም አሳይተው ይማከሩበታል ብዬ እንዲህ ጻፍኩ።

ባናው አለ። በግምት አንዱን መርጬ መላክ ግን አልፈልግም። ባና ዓመታት የሚለበስ ነገር ነው፤ የማይሆን ሄዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀር ያሳዝነኛል። ስለዚህ ለማን እንደሆነ፣ የአልጋውን ስፋት፣ የትና እስከ መቼ እንዲደርስ እንደሚፈልጉ ይንገሩኝ። ለመወሰን እንዲቀልዎት ያለኝን በዝርዝር ልንገርዎ።

በመጀመሪያ፣ ደብረ ብርሃን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የፋብሪካውን ብርድ ልብስ ነው። እርስዎ የጻፉት ባና ሌላ ነው። የመንዝ በግ ተሸልቶ፣ ጸጉሩ ታጥቦና ተነድፎ፣ ሴቶች በእንዝርት ፈትለውት፣ ሸማኔ የሚሠራው ነው። የፋብሪካውን ፈልገው ከሆነ ይንገሩኝ፤ እሱም ከተማው ውስጥ ስለሚገኝ ከሌላ ሱቅ አገናኝዎታለሁ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ለማን ነው?

ባና ይሞቃል፣ ግን ይሻክራል። ገላ ላይ በቀጥታ አይለበስም፤ ከሥሩ አንሶላ ወይም ነጠላ ያስፈልገዋል። ለሕፃን ከሆነ አልሸጥልዎም። የሕፃን ቆዳ አይችለውም፤ ለሱ የጥጥ ጋቢ ይሻለዋል። ሱፍ ሲነካው የሚያሳክከው ወይም አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለም አስቀድመው ይንገሩኝ።

ለአረጋዊ ከሆነ ደግሞ ክብደቱን ያስቡበት። ትልቁ ባና 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እንደኛ አገር ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ይህ ክብደት ደስ ይላል። እግራቸውን ለሚያማቸው፣ ሌሊት ተነስተው ለሚወጡ እናት ወይም አባት ግን ገፍቶ መነሳቱ ያስቸግራል። ለነሱ ሁልጊዜ የምመክረው ትንሹን ነው። አልጋውን ሙሉ ባይሸፍን እንኳ ሰውየውን ይሸፍናል፤ ቀን ደግሞ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ጣል ያደርጉታል።

ለሠርግ ወይም ለቤት ምርቃት ስጦታ ከሆነም ይንገሩኝ። ጠርዙ በደንብ የተቋጨውን፣ ስፌቱ የማይታየውን መርጬ አስቀምጥልዎታለሁ። ባና እየተሸመነ ከቁራጭ ስለሚጋጠም መሃሉ ላይ የስፌት መስመር አለው። ጉድለት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ስጦታ ላይ ግን ሰው ያንን አስቀድሞ ያያል።

ስፋትና ዋጋው እንዲህ ነው። ትንሹ 1 ሜትር ከ60 በ2 ሜትር ከ10 ሲሆን ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ 4,200 ብር ነው። ትልቁ 2 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ30 ነው፤ 6,500 ብር። በእጅ የተሠራ ስለሆነ ከአንዱ አንዱ ጥቂት ጣት ይበላለጣል። አልጋዎን በሜትር ቢለኩልኝ ደስ ይለኛል። ሜትር ከሌለዎት «ለአንድ ሰው» ወይም «ለሁለት ሰው» ማለት ይበቃል።

ቀለሙ የበጉ ቀለም ነው፤ ማቅለሚያ አልገባበትም። ጥቁር፣ ቡናማ፣ እንዲሁም ነጭ መስመር የገባበት ጥቁር አለ። ጥቁሩ እንደ ከሰል አይጠቁርም፣ ፀሐይ ላይ ወደ ቡናማ ይወስደዋል። ለኔ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። የተቀለመ አምጣልኝ የሚሉ ደንበኞች አሉ፤ እኔ ግን አልይዝም። ስልክ ላይ ቀለም ስለሚለወጥ፣ የመረጡትን ደጅ አውጥቼ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስቼ እልክልዎታለሁ።

በሁለቱም መጠን ጥቁሩና መስመር ያለው ሱቅ ውስጥ አሉ። ትንሹ ቡናማም አለ። ትልቁ ቡናማ ግን አልቋል። እሱን ከፈለጉ መንዝ ላለው ሸማኔ እነግራለሁ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ጊዜ የሚበላው ሽመናው አይደለም፣ ፈትሉ ነው። ሴቶቹ የሚፈትሉት ከቤት ሥራና እህል ከመሰብሰቡ በተረፋቸው ሰዓት ነው፤ በዚህ ወር ላጣድፋቸው አልፈልግም። ዛሬ ታኅሣሥ 4 ነው። ለገና የሚፈልጉት ከሆነ ትልቁን ቡናማ ቃል አልገባልዎም፤ ካሉት ውስጥ ይምረጡ።

አዲስ አበባ ከሆኑ ጠዋት በሚወጣ መኪና ጭኜ ላምበረት መነኻሪያ እዚያው ቀን ይደርስዎታል። ማጓጓዣው 150 ብር ነው፣ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነው። የሚቀበለውን ሰው ስምና ስልክ ከላኩልኝ የመኪናውን ታርጋና የሾፌሩን ስልክ እጽፍልዎታለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ከሆኑም ይላካል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነውና እዚያ ለሚኖር ሰው ባና ከመግዛትዎ በፊት ግን አንዴ ያስቡበት።

እባክዎ አሁን ምንም ብር አይላኩ። መጀመሪያ ይንገሩኝ፣ ፎቶ ልላክልዎ፣ «ይህ ነው» ይበሉኝ። ከዚያ 1,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካሉ። ቀሪውን እቃውን ተረክበው፣ ዘርግተው ካዩት በኋላ ይከፍላሉ። ብል የበላው ወይም የተተረተረ ካገኙበት መልሰው ይጫኑልኝ፤ የመመለሻው ማጓጓዣም የኔ ነው፣ ቀብድዎንም እመልሳለሁ። ቀለሙ አልተመቸኝም ካሉ ግን ማጓጓዣውን እርስዎ ይከፍላሉ። ፎቶውን አስቀድሜ የምልከው ለዚህ ነው።

አጠባበቁንም ከመግዛትዎ በፊት ቢያውቁት ጥሩ ነው። በሙቅ ውኃ ከታጠበ ይጨማተርና ይጠባል፤ አንዴ ከጠበበ አይመለስም። ማሽን ውስጥም አይግባ። በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ጫን ጫን እያደረጉ ያጥቡት፣ አይጭመቁት፣ ጥላ ላይ ዘርግተው ያድርቁት። መጀመሪያ ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል፤ ሲደርቅ ይለቀዋል። ሳይደርቅ አያስቀምጡት። የማይለብሱት ከሆነም በየጊዜው እያወጡ ፀሐይ ያስመቱት፣ ያራግፉት፤ ብል የሚወደው ተጣጥፎ የተረሳ ሱፍ ነው።

መልስዎ ረጅም መሆን የለበትም። «ለእናቴ፣ ትንሹ፣ ጥቁር፣ ላምበረት፣ ለገና» ቢሉኝ ይበቃኛል። ከአንድ በላይ ከፈለጉ ቁጥሩን ይጨምሩበት። መጻፍ ካስቸገረዎት በድምፅ ይላኩልኝ፣ ወይም ሚስድ ኮል ያድርጉልኝና እኔ እደውላለሁ። ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 1 ሰዓት ክፍት ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የምከፍተው።

ከየዓይነቱ አንዳንድ ለይቼ አስቀምጬልዎታለሁ። እስከ ቅዳሜ ማታ ለሌላ ሰው አልሸጣቸውም። ሐሳብዎን ከቀየሩም «ይቅር» ብለው ይጻፉልኝ፤ ቅር አይለኝም፣ ወደ መደርደሪያው እመልሳቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የባናና የበርኖስ ሱቅ፣ ደብረ ብርሃን