ለ3ኛ «ለ» ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

እንደምን ሰነበታችሁ?

ከኅዳር 15 እስከ 19 ባለው ሳምንት በሒሳብ የክብደት መለኪያዎችን እንማራለን። 1 ኪሎ ግራም 1,000 ግራም፣ 1 ኩንታል ደግሞ 100 ኪሎ ግራም መሆኑን ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል፤ እኔ የምፈልገው በእጃቸውም እንዲያውቁት ነው። ስለዚህ ገበያ ስትወጡ ይዛችኋቸው ውጡ። ሽንኩርቱ ወይም ጤፉ ከመመዘኑ በፊት «ስንት ኪሎ ይሆናል?» በሏቸው፤ ሚዛኑንም ራሳቸው ያንብቡ። ቢሳሳቱ አትቆጧቸው፣ ደግመው ይገምቱ።

በአማርኛ ምንባብ አለን። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ያህል ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ። ፊደል ያልቆጠራችሁ ወላጆችም በዚህ ልታግዟቸው ትችላላችሁ፦ ልጁ ሲጨርስ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። የገባውን በራሱ አባባል መናገሩ ለእኔ ከንባቡ እኩል ዋጋ አለው።

በአካባቢ ሳይንስ ስለ ጮቄ ተራራና ከእሱ ተነሥተው ወደ ዓባይ ስለሚፈሱ ወንዞች እንማራለን። አያቶች ስለ ድሮው ጮቄ የሚያውቁትን ቢያጫውቷቸው ሐሙስ ለክፍል ጓደኞቻቸው ይናገራሉ።

ወቅቱ የአጨዳ ነው፣ እጅ እንደሚያጥራችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም እባካችሁ የልጆቹ እገዛ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሁን፤ የሒሳቡ ትምህርት ተያያዥ ስለሆነ አንድ ቀን የቀረ ልጅ በማግሥቱ ይቸገራል።

ዓርብ አጭር ፈተና ይኖራል። ልታነጋግሩኝ የምትፈልጉ ከትምህርት በኋላ ክፍላችን ታገኙኛላችሁ።

የክፍሉ ኃላፊ መምህርት
ደብረ ማርቆስ